ደወሉ ከቃሏ በኋላ

አርብ ከሰዓት፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ባለችው ክፍሌ፣ የማራገቢያው ድምፅ እንዳይገባብን አጥፍተነው በላብ እየተዘፈቅን የድምፅ ትረካ እንቀዳለን። ተራኪዋ ሰው ቤት ተቀጥራ የምታድር ያገሬ ልጅ ናት፤ የምትተርከውም የራሷን ኑሮ ነው።

እመቤቷ እሷን የምትጠራበትን የደወል ድምፅ ዓረፍተ ነገሯ መሃል አስገብቼ፣ ከሥር ክራር ለቅቄ አሰማኋት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ አዳመጠች።

«እህቴ፣ ደወሉ አቋረጠኝ» አለችኝ። «እዚያ ቤት የጀመርኩትን ወሬ ጨርሼ አላውቅም። እዚህ እንኳ ልጨርስ።»

ሰልችቶኝ ነበር፤ ግን እውነቷን ነው። ክራሩን እሷ መናገር ስትጀምር ዝቅ እንዲል አደረግሁት። ደወሉንም የመጨረሻ ቃሏ አልቆ ትንፋሽ ወደምትወስድበት ቦታ ገፋሁት።

እንደገና ከፈትኩላት። ዓረፍተ ነገሯ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ ደወሉ ተደወለ፤ እሷም ሳታስበው ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።