ባለ ሁለት ጆሮ አምፖል

ልጆቹ ናቸው ጻፊው ያሉኝ። ባለፈው የልጅ ልጄ ባሏ ወደተመደበበት አገር ልትሄድ ዕቃ ስትሸክፍ፣ አንድ ቆንጆ የጣራ መብራት በብርድ ልብስ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ስትከት አየኋትና «የምትሄጂበት አገር አምፖል አንገቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቀሻል?» አልኳት። ሁሉም ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ የአምፖሉን ነገር ካልነገርሽን ብለው ያዙኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ስለዚህ እንደማወራው ነው የምጽፈው። መንገድ ብስት ታገሡኝ።

የልጆቹ አባት የባቡር ሠራተኛ ነበር። ጅቡቲ ብዙ ዓመት ተቀመጥን። በደርግ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረና ልደታ እናቱ ቤት ልንገባ ሆነ። አማቴን እማማ ነው የምላቸው። ጥልፍ ጠላፊ ነበሩ፤ የሳቸው ጥበብ ያረፈበት ቀሚስ በሩቅ ይታወቃል። ልንነሳ ሁለት ሳምንት ሲቀረን በባቡር በሚመላለስ ሰው መልእክት ላኩብን። የቤቱ አምፖል ተቃጥሏል፣ ከሱቅም ከቀበሌም ጠፍቷል፣ በኩራዝ እየጠለፉ ዓይናቸው ያለቅሳል። ለመስቀል የሚደርስ ቀሚስ ይዘዋል። መብራት ካልተገኘ ቀሚሱን ለባለቤቷ መልሰው መርፌውንም ለዘለዓለም ሊያስቀምጡ ነው። እማማ መርፌ አስቀመጡ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጃቸው ያውቃል። ያን ቀን ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

እኔ ጅቡቲ አንድ መብራት ነበረኝ፤ ሦስት ክንድ ያለው፣ በየክንዱ ጫፍ የመስታወት አበባ የተደፋበት። እወደው ነበር። ግን የቀረን ቦታ አንድ ሣጥን ብቻ ነው። መብራቱ ከገባ ሌላ አይገባም። ብዙ አሰብኩ። መብራት ጌጥ ነው፣ የቸገረው አምፖል ነው ብዬ ያንን ለጎረቤቴ ሰጠሁና በምትኩ ሃያ አራት አምፖል ገዝቼ አንድ በአንድ በልብስ ጠቀለልኩ። እንዲህ ያለ ብልጥ ሴት የለም ብዬ ባቡሩ ላይ ለራሴ ስስቅ ነበር። አንድም ሳይሰበር ልደታ ገባ።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ክረምት ነው፣ ቤቱ በቀን ጨልሟል። ወንበር ላይ ወጣሁና የጅቡቲ ልማዴን አደረግሁ፤ አምፖሉን ወደ ላይ ገፋ፣ ጠምዘዝ። እዚያ ቀጭ ብሎ ይቀመጣል። እዚህ ግን አይገባም። እንደገና ገፋሁ። የልጆቹ አባት ከታች ወንበሩን ይዞ «ምን እየታገልሽ ነው?» አለኝ። የተቃጠለውን አምፖል አመጣና ጎን ለጎን ያዝናቸው። የቤቱ አምፖል ቂጡ እንደ ብሎን ጥርስ ጥርስ አለው፣ እየዞረ እየዞረ ነው የሚገባው። የኔ ለስላሳ ነው፤ በግራና በቀኝ ትንንሽ ሁለት ጆሮ ብቻ አለው። አምፖል ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። መብራት ያለበት ቤት ኖሬ የማውቀው ጅቡቲ ብቻ ነው፣ ያየሁት ሁሉ ባለ ጆሮ ነዋ!

እማማ ከመደባቸው ላይ ሆነው ኩራዙን ወደ ቀሚሱ ጠጋ አደረጉ። አጠገባቸው ሁልጊዜ የክር ቅርጫታቸው አለች፤ ሐሩን የሚጠቀልሉበት ወፍራም የነሐስ ነገር መርፌ የተሰካበት ጨርቅ ተወትፎበት ከጭናቸው አይጠፋም።

«ሃያ አራት ዕንቁላል ነው እንዴ ያመጣሽልኝ ልጄ» አሉ። «እናስቀምጣቸዋ፣ ይፈለፈሉ ይሆናል።»

ቀልዳቸው ነው፣ ግን አንጀቴን በላው። በማግስቱ አንዱን አምፖል በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሰንጋ ተራ ወረድኩ። እዚያ ሬዲዮም ኤሌክትሪክም የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። አምፖሉን ተቀብለው መጀመሪያ የጠየቁት ከየት እንዳመጣሁት አይደለም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ከመስታወቱ ላይ የታተመውን ቁጥር ፈለጉ።

«ሁለት መቶ ሃያ» አሉ። «ደግ ነው። ኃይሉ ከኛ ጋር ይስማማል። አንገቱ ነው እንጂ ሌላው ችግር የለበትም።»

እኔ መቼም ጥያቄ አያልቅብኝም። ለምን አስገድደን አናስገባውም አልኳቸው። የባለ ጥርሱንና የኔን አገላብጠው ቂጣቸውን አሳዩኝ። ባለ ጥርሱ ከታች መሐሉ ላይ አንድ ነጥብ አለው፤ ኤሌክትሪኩ በሷ ይገባና በጥርሱ በራሱ ይመለሳል። የኔ ግን ሁለቱም ነጥቦች ከታች ናቸው፤ ጆሮዎቹ ለመያዣ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በግድ ቢገባ እንኳ አይበራም። ባዶ ሽቦ እናስርለት ያሉኝን የጎረቤት ምክር ስነግራቸው ተቆጡ፤ ቤት የሚቃጠለው እንዲያ ነው አሉ። በአንድ ወገን ጥርስ፣ በሌላው ወገን የጆሮ መግቢያ ያለው መሸጋገሪያ እንዳለ ያውቃሉ፣ እጃቸው ላይ ግን የለም። መፍትሔው ባለ ጆሮ አምፖል የሚቀበል መያዣ ማግኘት ነው፤ ሽቦው ያው ነው፣ መያዣው ብቻ ይቀየራል።

«ስሙ ባዮኔት ነው፣ ሳንጃ ማለት ነው» አሉኝ። «ወታደር ሳንጃውን ጠመንጃ አፍ ላይ የሚገጥመው እንዲሁ ነው፤ ገፋ፣ ዞር።» ያን ጊዜ ሳንጃ የሚለውን ቃል ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። ሁለታችንም ወደ በሩ ዞር ብለን አየን፣ ቀጥሎ ሳቅን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣራ አየሁ። የገባሁበት ሁሉ ቀና እላለሁ። ልብስ ሰፊው ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ሜክሲኮ ያለ ሻይ ቤት። ልደታ ማርያም ደጅ ጧፍ ከምትሸጠው ሴት ጋር ቆሜ እንኳ ዓይኔ የዘበኛው ቤት አምፖል ላይ ነው። ሁሉም ጥርስ። ጣሊያን ያስለመደን ይሆናል ይላሉ ጋሼ። ቀበሌ ስኳር ልመዘገብ ተሰልፌ ቀና ብዬ ስቀር ሊቀመንበሩ አዩኝ።

«እህቴ፣ ጣራችን ላይ ምን ተደብቋል?»

«አምፖሉን ነው ጓድ። አንገቱን ልለይ ብዬ።»

ሰልፉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ጅቡቲውን፣ ሃያ አራቱን፣ የአማቴን ዓይን። ሰውዬው ሰሙኝና ወንበር አስመጥተው እራሳቸው ወጡ። አምፖሉን ነቀል አድርገው አዩት።

«ባለ ጥርስ» አሉ ከላይ ሆነው። «ምነው ታዲያ ይኼንን ብታመጪ? ለኛም ይተርፈን ነበር።» ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በሠፈሩ ስሜ ባለ አምፖሏ ሆነ።

መስቀል እየቀረበ ነው። እማማ አንድ ቀን ቀሚሱን አጣጥፈው አስቀመጡ፤ ነገ ባለቤቷ ትምጣና ትውሰድ አሉ። እኔ ወደ ጋሼ ሮጥኩ። ለምን ጅቡቲ ባለ ጆሮ ሆነ እዚህ ባለ ጥርስ ሆነ ብዬ ስነዘንዛቸው፣ የፈረንሳይ ልማድ ይሆናል አሉ። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር የበራው ያኔ ነው። የባቡር ሠራተኞችን ቤቶች የሠሩትስ ፈረንሳዮች አይደሉም እንዴ? አልኳቸው። ጋሼ መፍቻቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ፉርጎዎቹም ውስጥ ባለ ጆሮ ነው ያለው፣ ምክንያቱም ባለ ጥርስ ሲንቀጠቀጥ እየላላ ይወጣል አሉኝ። ግን አስጠነቀቁኝ፤ የፉርጎ አምፖል አንገቱ ቢመሳሰልም ኃይሉ ሌላ ነው፣ ቤት ውስጥ ቢገባ ቦግ ብሎ ይሞታል። እኔ የምፈልገው መያዣ ነው እንጂ አምፖል አይደለም አልኳቸው።

የልጆቹ አባት ከባቡር ሠራተኞች ሠፈር የሚኖር አንድ ባልደረባ ነበረው። አብረን ሄድን። እንደገባሁ ቀና አልኩ። ሳሎኑ ጥርስ፤ ኋላ የተቀየረ ነው። ወጥ ቤቱ ግን ጨለማ ነው። ሚስትየዋ አምፖል ከተቃጠለባት ቆየ፣ ዓይነቱ ስለማይገኝ ትታዋለች። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ሁለት ስንጥቅ፣ በግራና በቀኝ። አምፖሌን ከነጠላዬ ፈታሁና ገፋ፣ ዞር አደረግሁ። ቀጭ አለ። ማብሪያውን ስትነካው የወጥ ቤቷ ጥላሸት ሁሉ ታየ፤ ሴትየዋ አፍራ በሩን ልትዘጋው ምንም አልቀራት። ከሳሎን ሲነቀል በቆርቆሮ ያስቀመጡት መያዣ ነበራቸው። አራት አምፖል ሰጠኋቸው፣ መያዣውን ሰጡኝ። ሁላችንም ያተረፍን መሰለን።

ጋሼ በማግስቱ ጠዋት መጥተው መጀመሪያ ከቆጣሪው አጠፉ። የት እንስቀለው ሲሉ ምርጫው እኔና እማማ ላይ ወደቀ። የሳሎኑን ብንቀይር ሃያዎቹ ሲያልቁ መልሰን መቀየር ነው፤ አንድ ቀን ባለ ጥርሱም ገበያ ይመጣል። ስለዚህ የቤቱን አልነካነውም። ከሱ ሽቦ አስረዝመው ከእማማ መደብ በላይ ዝቅ አድርገው ባለ ጆሮውን ሰቀሉ። እማማ ቀሚሱን ፈተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። በራ።

እማማ ጥልፉን ወደ ብርሃኑ አነሱ።

«ይኼን ሁሉ ሳምንት ሰማያዊ ነው ብዬ አረንጓዴ ስጠልፍ፣ ከዚህ ቤት አንድ ዓይን ያለው ጠፋ?»

የኩራዝ ብርሃን ሰማያዊና አረንጓዴ አይለይም ለካ። ከደረቱ እስከ ጫፉ ፈቱት። ባለቤቷ ልትወስድ ስትመጣ «ነይ ቆይተሽ» ብለው አባረሯት። ክሩን ከዚያች ከነሐስ ነገር ላይ እየተረተሩ በሰማያዊ መልሰው ጠለፉት፣ ለመስቀልም ደረሰ። ከዚያም በኋላ ብዙ ቀሚስ ጠለፉ። የመጨረሻው አምፖል ሲቃጠል ባለ ጥርሱ ሱቅ ገብቶ ነበር።

እማማ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኖ፣ ሠፈሩ ሊፈርስ ዕቃ ስናወጣ የክር ቅርጫቷን አገኘኋት። ሐሩን ለልጅ ልጄ ላውለው ብዬ ከነሐሱ ላይ ተረተርኩት፣ ከውስጡም የተወተፈውን ጨርቅ አወጣሁ። በአፉ ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ስንጥቅ አለው። የልጆቹ አባት ተቀብሎኝ አገላበጠው። አባቱም የባቡር ሰው ነበሩ፤ ድሮ ከሥራ ያመጡትና የትም ያኖሩት መሆን አለበት አለ። እኔ የአዲስ አበባን ጣራ ስቆጥር፣ ባለ ጆሮው መያዣ ክር ተጠቅልሎበት የእማማ ጭን ላይ ነበር።