ቀኙን ግራ ያለው ቀስት

ተማሪዎቻቸው ከጀርባቸው «ጫፉ ይንካ» ይሏቸዋል። የባዮሎጂ መምህርት ናቸው። ክፍል ውስጥ ሥዕል ሲያስሉ በወንበሮች መሀል እየተዘዋወሩ፣ የቀስቱ ጫፍ ከሚያመለክተው ነገር የፀጉር ያህል ከራቀ «ጫፉ ይንካ! አየር ላይ የቆመ ቀስት ለማንም ምንም አያሳይም» ስለሚሉ ነው። ሥራ የጀመሩት አንድም ቻርት በሌለበት ትምህርት ቤት ነበር። አሮጌ አንሶላ እየቀደዱ ኩላሊቱንም ሳንባውንም ራሳቸው በቀለም ይስሉና ግድግዳ ላይ ይሰቅሉ ነበር። ጡረታ የወጡት ሹፌር ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ድረስ «ያኔ አልጋችን አንሶላ አልነበረውም፣ ግድግዳው ግን ጉበት ነበረው» እያሉ ጎረቤት ያስቃሉ።

የአካባቢው ትምህርት ቤቶች የጋራ ፈተና የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ታርመው የተመለሱ ቀን አንዲት ተማሪ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ካልተጠየቀች አትናገርም። ወረቀቷን ዘረጋችላቸው።

«መምህር፣ የልቡን ሥዕል ሁሉንም ተሳስተሻል ተባልኩ። እርስዎ እንዳስተማሩን ነው የጻፍኩት።»

መምህርቷ መነጽራቸውን አደረጉ። ሥዕሉ ከግድግዳ ቻርት ላይ በስልክ የተነሣ ፎቶ ነው። ፎቶ አንሺው ጠጋ ብሎ ኖሮ አንዱ ጠርዝ ተቆርጧል። የድሮዎቹ ስሞች በነጭ ተሸፍነው በላያቸው አዲስ ቀስቶች ተሰክተዋል። «ሀ» የሚለው ቀስት ያረፈው በወረቀቱ ግራ በኩል ባለው፣ ቬንትሪክል በሚባለው ታችኛ የልብ ክፍል ላይ ነው። ልጅቷ «ቀኝ ቬንትሪክል» ብላለች፤ ልክ ናት። ልብ የሚሳለው ባለቤቱ ፊት ለፊታችን እንደቆመ ተደርጎ ስለሆነ የእሱ ቀኝ በእኛ ግራ ይውላል። መልሱ ግን «ግራ ቬንትሪክል» ተብሎ ታርሟል። «ለ» ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቅዳ፣ አኦርታን፣ እንዲያሳይ የተላከ ቀስት ነው፤ ጫፉ ግን ተንሸራትቶ ወደ ሳንባ የሚሄደው የደም ቅዳ ላይ ተተክሏል። ልጅቷ ጫፉ የነካውን ጻፈች፣ ኤክስ ተሰጣት። የ«ሐ» ደግሞ ባሰ። ከሳንባ ደም የሚመልሱት ቧንቧዎች ከፎቶው ጠርዝ ጋር ተቆርጠው ቀርተዋል፤ ቀስቱ ባዶ ወረቀት ይወጋል። ልጅቷ «እዚህ ምንም የለም» ብላ ጽፋለች።

መምህርቷ ፊታቸው ደም መሰለ።

«አንቺ አልተሳሳትሽም» አሏት። «ሂጂ፣ ትምህርትሽን ተማሪ።»

የፈተናው አስተባባሪ ከዓመታት በፊት ያስተማሩት ሰው ነው። ቢሮው ሲገቡ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው፤ ወረቀቱን ሲያይ ግን ፈገግታው ጠፋ።

«እትዬ፣ ቻርቱ እኮ ትክክለኛ ነው። ከታወቀ መጽሐፍ የተወሰደ ነው።»

«ቻርቱን ማን ወቀሰ? እኔ የምልህ ቀስቱን ነው። ቀስቱን ማን ሰካው?»

«እኔ ነኝ። ጊዜ አልነበረም፣ በስልኬ ላይ በጣቴ ነው የሠራሁት። ትንሽ ሸርተት ብሎ ይሆናል።»

«ትንሽ? ቀኝ ግራ ሆኗል! አኦርታው ሳንባ ገብቷል! ሌላው ጭራሽ ከወረቀት ወጥቶ ጠፍቷል!»

«ለሁሉም ተማሪ የተሰጠው ያው ሥዕል ነው እኮ፣ እትዬ። ማንም በተለየ አልተጎዳም።»

እዚህ ላይ ነው መምህርቷ ከወንበራቸው የተነሡት። «ያጠናው ነው የተጎዳው! ገምቶ ግራውን ግራ ያለው አልፏል፤ ያወቀው ወድቋል። ይሄን ነው እኩል የምትለው?»

«መልሱ አንዴ ተሰራጭቷል። የቀረው እርማትም ነገ ያልቃል። ምን ላድርግ?» አለና ስልኩን አነሣ።

ቤት ሲገቡ ቦርሳቸውን ወንበር ላይ ወረወሩት። ባለቤታቸው የሆነውን ሁሉ ሰምተው አገጫቸውን አሸት አሸት አደረጉ።

«በወረቀት አትከራከሪው፤ ወረቀት የእሱ አገር ነው» አሉ። «ልቡን ራሱን ውሰጂለት።»

ጠዋት መምህርቷ ሥጋ ቤት ሄደው የበግ ልብ ገዙ። «ቧንቧዎቹን እንዳትቆርጥብኝ» ሲሉት ሥጋ ሻጩ ሳቀ፤ ቢሆንም በጥንቃቄ አወጣላቸው። በፌስታል ይዘው በቀጥታ እርማት ወደሚካሄድበት አዳራሽ ገቡ። መምህራኑ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተደርድረው ቀይ እስክሪብቶ እያሯሯጡ ነበር። አስተባባሪው ከፊት ለፊት ቆሟል።

«እትዬ፣ እዚህ መግባት አይፈቀድም።»

«አስወጣኝ» አሉና ጋዜጣ ዘርግተው ልቡን አስቀመጡት። ፊተኛውን ገጹን ወደ ራሳቸው አዙረው «ና ንካ» አሉት። «በእኔ ቀኝ በኩል ያለውን ተጫነው። ጠንካራ ነው። አሁን ይሄኛውን። ለስላሳ ነው፣ ይታጠፋል።» ከዚያ ከቦርሳቸው ባወጡት ቢላዋ ታችኛውን ግማሽ አግድም ቆረጡት። አንደኛው ክፍል ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ሌላው ስስ ነው። «ወፍራሙ ደሙን እስከ እግር ጣት የሚገፋው ነው፤ ግራው። ስሱ ግን እዚሁ ጎረቤቱ ወዳለው ሳንባ ብቻ ይገፋል። አንተ ቀስት የሰካኸው በዚህ በስሱ ላይ ነው።» እርሳስ አንሥተው ደሙ በሚሄድበት አቅጣጫ ከወፍራሙ ክፍል ወደ ላይ ሰደዱት፤ በአንዱ ቧንቧ አፍ ብቅ አለ። «አኦርታ ይሄ ነው። የአንተ ቀስት የነካው ከፊቱ ያለውን፣ ወደ ሳንባ የሚሄደውን ነው።»

አስተባባሪው ላቡን ጠረገ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ መምህር ቀስ ብሎ «እውነታቸውን ነው። እኛም የመጀመሪያውን ወረቀት ስናይ ጠርጥረን ነበር» አለ።

መምህርቷ ዞሩ። አስተባባሪው ላይ ከጮኹት የበለጠ የጮኹት ያኔ ነው።

«ጠርጥራችሁ ነበር? እያወቃችሁ ነው ልጅ ላይ ኤክስ የምትሰኩት?»

«መልሱ ተሠርቶ መጣልን፣ እኛ ምን አገባን…»

«ምን አገባችሁ! ነገ ያቺ ልጅ ሐኪም ብትሆንና የእናንተን እርማት አምና ቀኙን ግራ ብላ ሰው ብትቀድ፣ ያኔም ምን አገባችሁ? እሱ ተሳሳተ፤ ሰው ይሳሳታል። እናንተ ግን ዓይናችሁ እያየ ነው!»

ያ ጎልማሳ መምህር የቀይ እስክሪብቶውን ክዳን ዘጋ። ከጎኑ ያለችውም ዘጋች። አስተባባሪው እስክሪብቶዎቹ ሁሉ ሲቆሙ አይቶ «እሺ» አለ በደከመ ድምፅ። «የ‹ሀ› እና የ‹ለ› መልስ ይስተካከል፤ የታረመውም እንደገና ይታይ። ‹ሐ› ግን ይሰረዛል።»

«አይሰረዝም! ምንም የለም ብሎ የጻፈ ልጅ ልክ ነው።»

«እትዬ፣ በቃ! ሁለቱን ወስደዋል፣ ሦስተኛውን ይተዉልኝ።»

ተሰረዘ። በዚህ ጉዳይ መምህርቷ እስከ ዛሬ ይንገበገባሉ። ልጅቷ ሁለቱ ተስተካክለውላት ማለፏን ልትነግራቸው እየሮጠች ስትመጣ እንኳ «ሦስተኛውም ያንቺ ነበር» ነው ያሏት።

ከዚያ ወዲህ ለእርማት ጠርተዋቸው አያውቁም። በሚቀጥለው ፈተና ላይ የታተመው ኩላሊት ግን በእጅ የተሳለ፣ ጥርት ያለ፣ ምንም ያልጎደለው ነበር። ባለቤታቸው «ይኸው ሰሙሽ፣ ደስ ይበልሽ እንጂ» ቢሏቸው፣ መምህርቷ ወረቀቱን አጣጥፈው እንዲህ አሉ፦

«መሥራት ከቻሉ መጀመሪያውኑ ለምን አልሠሩትም? ሰው ካልጮኸባቸው አያዩም ማለት ነው?»