ከሪከርድ ክፍል የመጣው አድራሻ

ለታ ነገሳ አሰላ ውስጥ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል። የኔትወርክ ክፍል ይባል እንጂ ክፍሉ እሱ ብቻ ነው። ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ፣ የዲኑ ስልክ ሲቆለፍ፣ ጣሪያ አፍስሶ ኬብል ሲርስ የሚጠራው እሱ ነው። ሁሉም ነገር ደህና በዋለበት ቀን ግን ስሙን የሚያነሳ የለም። ሮቤ የሚኖሩት አባቱ ስለ ልጃቸው ሥራ ሲጠየቁ «ሽቦ ይጠብቃል» ይላሉ። ለታም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ኖሮት አያውቅም።

አሰላ ሲመጣ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። የሪከርድ ክፍል ሠራተኛዋ አዴ ቀለሟ ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ሰጥተውት ሰባት ወር አስቀመጡት። ያኔ ልጃቸው ሲፈን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ማታ ማታ ሒሳብ ያስጠናት ነበር። አሁን በዚሁ ኮሌጅ አራት ዓመት ተምራ የመጨረሻውን የመውጫ ፈተና ልትወስድ ነው። ያለዚያ ፈተና ዲግሪ የለም፤ ያመለጠው ደግሞ ስድስት ወር ይጠብቃል።

ለታ ሁለት ዓመት ያሳደራት አንዲት ሥራ ነበረችው። አንድ ኮምፒውተር ሲበራ አድራሻ የለውም፤ ኔትወርኩ ላይ ላለው ሁሉ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ይጣራል። ሰርቨሩ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ወደ ውጭ የሚወጣበትን በር፣ ጌትዌይ የሚሉትንም ቁጥር ይነግረዋል። ችግሩ ኮምፒውተሩ የመላሹን ማንነት አለመጠየቁ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የመለሰለትን አምኖ ይቀበላል። ዋናው ስዊች ላይ፣ ኬብሎቹ ሁሉ በሚገናኙበት ሣጥን፣ «ከዚህ ቀዳዳ በቀር ከሌላ የሚመጣ አድራሻ አታሳልፍ» የሚያሰኝ ትእዛዝ አለ። ለታ አንድ ቅዳሜ ሞክሮት ነበር። ቀዳዳውን አሳስቶ ቤተ መጻሕፍቱን በሙሉ አቋረጠው። ምክትል ዲኑ አቶ እንደሻው ሰው በተሰበሰበበት «የሚሠራን ነገር መነካካት ማን አስተማረህ?» አሉት። ትእዛዙን አነሳው፤ ሌላ ቅዳሜ እመለስበታለሁ አለ። ያ ቅዳሜ አልመጣም።

የፈተናው ዕለት ማክሰኞ ነበር። ጭላሎ በጉም ተሸፍኗል፤ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ፈተናው በኢንተርኔት ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ያልገባ መግቢያው ይዘጋበታል። በኮምፒውተር ላብራቶሪው አርባ ተማሪዎች፣ አርባ ኮምፒውተሮች። ለታ ማሽኖቹን በዋዜማው ለፈተናው እንደ አዲስ ጭኗቸው፣ አንድ በአንድ ሞክሯቸው፣ አጥፍቷቸው ነበር ያደረው። ሲፈን የተመደበችው ፊት ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ነበር። ነፍሰ ጡሯ የክፍሏ ልጅ ኤፍራታ ኋላ ተመድባ በሩ አጠገብ መሆን እንደምትፈልግ ስትናገር፣ ሲፈን ተነሥታ ቦታዋን ለቀቀችላት። ተቆጣጣሪው ፈቀደ።

ማሽኖቹ ተበሩ። አሥራ ሦስቱ የፈተናውን ገጽ ከፈቱ፤ ሃያ ሰባቱ ባዶ ሆነው ቀሩ።

ለለታ መጀመሪያ የመጣለት የኢንተርኔት መስመሩ ነው። በክረምት ጥፋተኛው ሁልጊዜ መስመሩ ነው። ወደ አገልግሎት ሰጪው ደወለ፣ አላነሱም። በሚሠሩት በአሥራ ሦስቱ ላይ አደጋ መሆኑን እያወቀ ዋናውን ራውተር አጥፍቶ አበራ። እነሱም ለአራት ደቂቃ ተቋርጠው ተመለሱ፤ ሃያ ሰባቱ እንደነበሩ ናቸው። መስመር ቢሆን ኖሮ ሁሉም በጠፉ ነበር። ይህን ለማሰብ እስከ ሦስት ሰዓት ከአሥር ወሰደበት።

አንዱን የቦዘነ ማሽን በተቆጣጣሪው ኮድ ከፍቶ አድራሻውን አየ። የኮሌጁ አድራሻ በ10 ይጀምራል። ይህኛው በ192.168.1 ይጀምር ነበር። ጌትዌዩ 192.168.1.1 ይላል፤ አድራሻውን የሰጠውም ያው ቁጥር ነው። በዚህ ግቢ እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው ዕቃ ለታ ተክሎ አያውቅም። ገበያ የሚሸጥ የቤት ራውተር ከካርቶኑ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ቁጥር ነው።  የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ ሁለተኛ ራውተር ሰክቷል። ሃያ ሰባት ልጆች ከዚያ ወዲያ መንገድ ወደሌለው በር እየተመሩ ነው።

ከዚያው ማሽን ቁጥሩን በኔትወርኩ ጠራው፤ መለሰለት። ከመልሱ የዕቃውን ፋብሪካ መለያ ቁጥር አገኘና መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ሮጠ። ዋናው ስዊች የትኛው መለያ በየትኛው ቀዳዳ እንደመጣ ይመዘግባል። ያ ቁጥር በስምንተኛው ቀዳዳ የገባ ነው፤ ስምንተኛው ወደ አሮጌው ብሎክ የሚሄደው ኬብል ነው። ማን እንደሰካው ለማወቅ ጊዜ አልነበረም። ስምንተኛውን ዘጋው፤ አሮጌው ብሎክ ከኔትወርኩ ተቆረጠ።

ሲመለስ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ሆኗል። ማሽኖቹ ግን የተሳሳተውን አድራሻ እንደያዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ የያዘውን ጥሎ አዲስ መጠየቅ አለበት። የፈተናው ፕሮግራም ማሽኑን ስለቆለፈው፣ ለእያንዳንዱ ተቆጣጣሪው ኮድ ማስገባት ነበረበት። ከፊት ረድፍ ጀመሩ። ተቆጣጣሪው ኮዱን ከወረቀት እያየ በአንድ ጣት ይጽፋል፣ ለታ አድራሻውን ያስጥላል፣ ያስጠይቃል፣ ገጹ ይከፈታል። አንድ። ሁለት። አምስት። ሲፈን ከኋላ ረድፍ እጇን አውጥታ ትጠብቃለች። አይቷታል። ወደ እሷ መዝለል ይችል ነበር፤ በመካከል ያሉትም እጃቸውን አውጥተው ነበር። አልዘለለም።

አሥራ ዘጠነኛውን ከከፈቱ በኋላ ሃያኛው ላይ «የመግቢያ ሰዓት አልፏል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ስምንት ልጆች ቀሩ። ተቆጣጣሪው ወደ አዲስ አበባ ደወለ፤ ሲስተሙ ራሱ ነው የሚዘጋው፣ ከእኛ አቅም በላይ ነው ተባለ። አንዱ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ደፋ። ሲፈን እጇን ቀስ ብላ አወረደች።

አቶ እንደሻው ኮሪደር ላይ ጠበቁት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ይህ ለለታ ይበልጥ ከበደው። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳደረገው በጽሑፍ እስከ ቀትር እንዲያቀርብላቸው አዘዙ።

አሮጌው ብሎክ ውስጥ ያለው ስዊች ምንም የማይመዘግብ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ የቀረው መንገድ የእጅ ሥራ ነበር። ላፕቶፑን ከስዊቹ ጋር አገናኘ፤ እሱም ወዲያው የተሳሳተውን አድራሻ ተቀበለ። ያንን 192.168.1.1 ሳያቋርጥ እየጠራ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ነቀለ፣ መለሰ። አሥሩን ሲነቅል መልሱ አልቆመም። አሥራ አንደኛውን ሲነቅል ቀጥ አለ። መሰላል ላይ ወጥቶ ኬብሉን በጣሪያው ውስጥ በእጁ እየዳሰሰ ተከተለው። ከሂሳብ ክፍሉ በላይ አለፈ፣ ወደ ግራ ታጠፈ፣ ሪከርድ ክፍል ላይ ወረደ።

በሩን ሲከፍት ስድስት ሰዎች ወንበራቸውን ክብ አድርገው አንገታቸውን ደፍተዋል። የሠራተኞቹ የጸሎት ኅብረት ነው። ዘወትር በምሳ ሰዓት ይገናኛሉ፤ ዛሬ ፈተና ስለሆነ ከጠዋት ጀምረዋል። ጸሎቱን የሚመሩት አዴ ቀለሟ ነበሩ። የልጆቹን ስም ከወረቀት እያነበቡ አንድ በአንድ ያነሱ ነበር። ፋይል መደርደሪያው ላይ አንድ ነጭ ራውተር መብራቱን ያርገበግባል።

ለታ ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆመ። ለምን እንደጠበቀ ለራሱም ግልጽ አልነበረም፤ ከእንግዲህ የሚያተርፈው ደቂቃ የለም።

ፈተናው ላይ የደረሰውን ነግሮ ጠየቃቸው፤ ሰዎቹ የነገሩት አጭር ነው። በሁሩታና በሮቤ የሚኖሩ የኅብረቱ ወንድሞችና እህቶች በስልክ አብረው እንዲጸልዩ ጥበቃው ቶላ ራውተሩን ከቤቱ አመጣ። ትናንት ሰክተው ሞከሩት፤ ሠራ። ዛሬ ጠዋት ቦታ ለማስፋት ጠረጴዛውን ሲያነሱ ኬብሉ ተነቀለ፤ አዴ ቀለሟ መልሰው ሰኩት። ትናንት የተሰካው በራውተሩ ጀርባ ለብቻዋ ባለችው ሰማያዊ ቀዳዳ ነበር፤ በዚያ በኩል ራውተሩ አድራሻ የሚያድለው ከእሱ ጋር ለተገናኙት ስልኮች ብቻ ነው። ዛሬ የገባው ከአራቱ ቢጫዎች በአንዱ ነው፤ በቢጫው በኩል ግን ለኮሌጁ ሁሉ ያድላል። ስልኮቹም አልሠሩላቸውም። ኔትወርክ ጠፋ ብለው ትተውት ጸለዩ።

«ይሄ ነው እንዴ?» አሉ አዴ ቀለሟ፣ የሁሉንም ፊት አይተው ዓይናቸውን ለታ ፊት ላይ አቁመው።

«እሱ ነው፣ አዴ።»

«ስንት ልጅ?»

«ስምንት።»

ስም አልጠየቁም፤ የሲፈንን ከለታ ፊት አንብበውታል። ለታ ኬብሉን ነቀለ፤ ቶላ ራውተሩን እንደ ሞተ ዶሮ በገመዱ ይዞት ወጣ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተከተሉት። ለታ ከጥፋቱ ግማሹ የእሱ መሆኑን ለቀሩት ለአዴ ቀለሟ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ዋናው ስዊች ላይ ያላደረገውን፣ ያሳለፋቸውን ሁለት ዓመታት ነገራቸው። አዴ ቀለሟ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «አንተ ልታደርግ የሚገባህን አላደረግህም። እኔ ማድረግ የሌለብኝን አደረግሁ። ለልጄ ልዩነቱ ምንድነው?» አሉ።

ሲፈን ከውጭ በሩ አጠገብ ነበረች። እናቷን ፍለጋ መጥታ ነው። አላለቀሰችም። ለታን ስታይ ስለ ቦታው ጠየቀችው፤ ለኤፍራታ የለቀቀችው ማሽን ከመጀመሪያው ይሠራ እንደነበር አይታለች።

«እዚያው ብቀመጥ ይገባልኝ ነበር፣ አይደል?»

ለታ ሊዋሻት ፈለገ፤ ግን ኤፍራታ ፈተናውን እየሠራች መሆኑን ታውቃለች።

«አዎ» አላት።

«እንግዲህ የራሴ ጥፋት ነው።»

አዴ ቀለሟ ይህን ሲሰሙ የበሩን መቃን ያዙ። ለታ አፉን ሊከፍት ሲል በእጃቸው ዝም አሰኙት፤ በዝቅታ፣ በኦሮምኛ፣ ስማቸውን ለአለቃው እንዲጽፍ ነገሩት። «ብቻ መጀመሪያ እኔ ልንገራት፣ ለታኮ። ከወረቀት አትስማው።»

እናትና ልጅ በዝናቡ ውስጥ ወደ ግቢው በር ሄዱ። ለታ ከሪከርድ ክፍሉ መስኮት ያያቸዋል። አዴ ቀለሟ ልጃቸውን በክንዷ ይዘው ነበር። በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሲደርሱ ቆሙ፣ ተናገሩ። ብዙ አልተናገሩም። ሲፈን ክንዷን አልመነጨቀችም፤ ቀስ ብላ ከእጃቸው አወጣችው፣ የተውሶ ዕቃ እንደሚመልስ ሰው። ከዚያ ብቻዋን ወጥታ የመጀመሪያውን ባጃጅ አስቆመች። እናቷ አልተከተሏትም።

ለታ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ሪፖርቱን ጻፈ። በመጀመሪያው መስመር የራሱን ስም፣ በሁለተኛው የአዴ ቀለሟን አኖረ። አቶ እንደሻው አንብበው፣ የመጀመሪያውን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዙና ፈርመው መለሱለት። ባለሙያውን ከከሰሱ ኮሌጁ ይከሰሳል አሉት፤ ሁለተኛው ይበቃል።

ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ከላብራቶሪው ሠላሳ ሁለቱ ልጆች ጨርሰው እየወጡ ነበር።