አሥራ አንድ ጊዜ «ከዚህም በተጨማሪ»

የዓለምወርቅ ስትተይብ ከንፈሯ ዝም አይልም። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት ተይባለች፤ የሚሰጧትን ረቂቅ ሁሉ መጀመሪያ ጮክ ብላ ታነበዋለች። ዓይኗ አልፎት የሄደውን ስህተት ጆሮዋ ይይዘዋል።

በ1974 ዓ.ም. ጥር ላይ አለቃዋ ጓድ ኃይለ ማርያም፣ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ ማንበብና መጻፍ ለተማሩ ገበሬዎች ምስክር ወረቀት ሲሰጥ የሚያሰማውን ንግግር አመጣላት። አሥራ ሁለት ገጽ ነበር። እሱ ቢሮው ገባ፤ እሷ ማንበብ ጀመረች።

«ከዚህም በተጨማሪ ሰፊው ሕዝብ መሃይምነትን በመዋጋት ረገድ ሰፊው ሕዝብ ያሳየው ተሳትፎ ከፍተኛ ሲሆን፣ ከዚህም በተጨማሪ...»

ከመዝገብ ቤቱ ጥግ አያ ውዱ ሳቁ። ድሮ ቅኔ የተማሩ፣ አሁን የመሥሪያ ቤቱን ፋይል የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። «ከምን በተጨማሪ ነው? ገና ምንም አላለም እኮ» አሉ።

የዓለምወርቅም ሳቀች። ቀና ስትል ጓድ ኃይለ ማርያም በሩ ላይ ቆሟል። ሳቋን አቋረጠች። በዚያ ዘመን በካድሬ ንግግር መሳቅ የት እንደሚያደርስ ታውቃለች።

«ምኑ ነው የሚያስቀው ጓዲት?»

ሌላ ማምለጫ ስላጣች ረቂቁን ዘረጋችለት። «እርስዎ ራስዎ ጮክ ብለው ቢያነቡት ይሻላል፤ እኔ ስናገረው የሚከፋ ይመስላል።»

ቆሞ፣ ድምፁን ሞርዶ፣ እንደ አደባባይ አድርጎ ጀመረ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይዟል። «ሲሆን»፣ «በመሆኑም»፣ «ከመሆኑም በላይ» እያለ ሲወርድ ፊቱ ቀላ፤ አራት ነጥቡ ሳይደርስ ትንፋሹ አለቀና ሳል ያዘው። አያ ውዱ ውኃ ሰጡት። በሌላ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ የወረቀት መያዣ ሽቦ ይደረድራሉ፤ «ከዚህም በተጨማሪ» በተባለ ቁጥር አንድ። ንባቡ ሲያልቅ ሽቦው አሥራ አንድ ሆነ።

ጓድ ኃይለ ማርያም ቆጠረው። ደግሞ ቆጠረው። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በ‹እንዲሁም› ልተካው?»

«አይሆንም» አለች፤ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው። «በሩ ያው ነው፣ ቀለሙ ብቻ ተቀየረ። የሚያወሩለት ሰው ራሱ ይቅደም።» በእርሳስ ሰረዘችና፣ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ተቀብሮ የነበረውን የአንዲት ተማሪ ወሬ ወደ ፊት አምጥታ አነበበች፦ «ወይዘሮ እታገኘሁ ከልጃቸው የመጣውን ደብዳቤ ዘንድሮ ራሳቸው አነበቡ።» ጓድ ኃይለ ማርያም ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠጋ።

ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ትንፋሽ በሚያልቅበት ቦታ ሁሉ እያቆሙ ቆረጡት። አለቃዋ ጣዕሙን ሲያገኘው ሁሉንም ቆረጠና፣ «ተማሩ። አነበቡ። ጻፉ። አሸነፉ።» ብሎ አነበበ።

«አሁን ደግሞ ወታደር እያሰለፉ ነው» አሉ አያ ውዱ። «አጭሩን ከረጅሙ ያጋቡት።»

ጭንቁ «ሰፊው ሕዝብ» ላይ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ቦታ አለ። ጓድ ኃይለ ማርያም እርሳሱን አንስቶ ደግሞ አስቀመጠው። «ሰፊውን ሕዝብ ሰረዘ ብለው ቢጽፉብኝስ?»

የዓለምወርቅ አሰበችበት። «አንሰርዘውም። ማን እንደሆነ እንንገር። እዚህ ላይ የፀዳ ገበሬዎች ናቸው፤ እዚህ ላይ እናቶች።» እንዲህ እያሉ ሲወርዱ አንድ ብቻ ቀረ፤ መግቢያው ላይ፣ ጉልህ ሆኖ። «ፊደል ቆጠሩ፣ ዕድሜ ሳይቆጥሩ» የሚለውን ግን መደጋገሙ ለጆሮ ስለጣማቸው ተዉት። የመጨረሻውን መፈክር ማንም አልነካውም።

አሥራ ሁለቱ ገጽ አራት ሆነ።

ፀዳ ላይ ጓድ ኃይለ ማርያም አንብቦ ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ገበሬው ዋናው ንግግር ገና የሚጀመር መስሎት በጸጥታ ይጠብቃል። ወይዘሮ እታገኘሁ ከፊት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ አበቃ እንዴ? ሸጋ ነበር እኮ» ሲሉ ጭብጨባው ፈነዳ።

የክብር እንግዳውን የያዘችው ላንድሮቨር የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የተጋበዙት እኚህ ባለሥልጣን፣ የተለመደው የአንድ ሰዓት ንግግር እንዳለ አስልተው ዘግይተው ነበር የተነሡት። «አለቀ» ሲባሉ ፊታቸው ጠቆረ። «ይደገም» አሉ።

ጓድ ኃይለ ማርያም ላብ እያጠመቀው ደገመው። በዚህኛው ዙር እሱ «ፊደል ቆጠሩ» ሲል ገበሬው «ዕድሜ ሳይቆጥሩ» ብሎ ተቀበለው። ከኋላ የቆመችው የዓለምወርቅ ከእነሱ ጋር ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። እንግዳው ጽሑፉን ማን እንዳዘጋጀ ጠየቁ፤ አለቃዋ ትንሽ አመነታና በጣቱ አመለከታት።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ የእንግዳው የራሳቸው የሩብ ዓመት ሪፖርት ተቀምጦ አገኘችው። ስልሳ ገጽ ነው። የመጀመሪያው ቃል «በመሆኑም» ይላል።