ቶሎ የሞላው ባትሪ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከአባቴ የሰማሁት ፊደል ሳልለይ ነው። አባቴ ቡና ሰብሳቢ ነበር። ሻጭ ጆንያ ይዞ ሲመጣ አፉ ላይ ያለውን ፍሬ ዞር ብሎም አያየውም፤ እጁን እስከ ብብቱ ድረስ ከቶ ከታች ያለውን ይዘግን ነበር። «ከላይ ያለው ለዓይንሽ የተቀመጠ ነው» ይለኝ ነበር። እኔም አስተማሪ ሆኜ ሚዛን ተፈሪ ስኖር ሽንኩርት እንኳ ሳላገላብጥ ገዝቼ አላውቅም። ጎረቤቶቼ ሲያሾፉብኝ «መምህርቷ ሰላምታም ሲሰጧት በብርሃን ታየዋለች» ይሉ ነበር። እኔ ግን እኮራበት ነበር።

ታናሽ ወንድሜ መኪና እገዛለሁ ብሎ ሲነሳ ስለዚህ መጀመሪያ የጠራው እኔን ነው። ሸዋ ቤንች አጠገብ አባታችን የተወልንን የቡና ማሳ ለአንድ ነጋዴ ለአምስት ዓመት በኮንትራት ሰጥቶ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ተቀብሏል። ሐሳቡ ከሚዛን ቴፒ ኮንትራት ሰው እያመላለሰ መኖር ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሌላ ጥሪት አልነበራቸውም።

መኪናዋ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ፣ ሃይብሪድ የሚሏት ነበረች። በከተማችን ከዚያ በፊት አላየሁም። ባለቤቷ ሥራው አልቆ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ የፕሮጀክት ሠራተኛ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የለዘበ ሰው። ገና ሳንጠይቀው የኋላ ወንበሩን ጎን ከፍቶ ባትሪው አየር የሚስብበትን ወንፊት አሳየን። ንጹሕ ነበር። «ባትሪው ቢደክም እንኳ ምን ቸገረህ፤ በቤንዚን ብቻ ትሄዳለች» አለው ወንድሜን። ወንድሜ ደስ አለው። እኔ ግን «የሚያውቅ ሰው ሳያያት አንድ ሳንቲም አይወጣም» አልኩ።

የሚያውቅ የተባለው መናኸሪያው ጀርባ የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነበር። ከጅማ በኩል የመጣ፣ ዝምታ የሚያበዛ ሙስሊም ነው። ገና ሳየው አላማረኝም። ሻጩ እንደዚያ ሲናገር ይኼ ሰው መኪናዋን ሦስቴ ዞሮ አንድ ቃል አልወጣውም። ከመሪው ሥር ትንሽ ዕቃ ሰካና ስልኩን እያየ፣ «መምህር፣ የብልሽት ምልክት የለም። ግን የድሮ ብልሽት የሚያዝበት መዝገቧ በቅርቡ ተሰርዟል፤ መኪናዋ ራሷን መርምራ አልጨረሰችም» አለኝ።

«ምልክት ከሌለ ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«መንዳት» አለ።

ወንድሜ መሪ ያዘ፣ ኤሌክትሪሻኑ ጎኑ ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ የኤሌክትሪሻኑን እጅ ማየት ጀመርኩ። ባትሪው አሥራ አራት ክፍል አለው አለን፤ ስልኩ የእያንዳንዱን ቮልት ያሳያል። ስንቆም ሁሉም እኩል ናቸው። ከመናኸሪያው አለፍ ብላ ያለችውን አጭር አቀበት ስንወጣ «ነዳጁን ጫን አድርገው» አለው። ወንድሜ ሲጫን ሁለቱ ክፍሎች ከሌሎቹ ከአንድ ቮልት በላይ ወረዱ። ኤሌክትሪሻኑ ስልኩን ወደኔ አዞረው። እኔ ግን የመኪናዋን ስክሪን እያየሁ ነበር፤ እዚያ የባትሪው መስመሮች አልቀው ሁለት ብቻ ቀርተዋል። ወደ ፊት ተጠጋሁ። ከዚያ ዞረን ያችኑ አቀበት ቁልቁል ስንወርድ መስመሮቹ እያየኋቸው ተሞሉ።

«አየህ! ወዲያው ሞላ!» አልኩ፤ ጮኼ ነው መሰለኝ።

«ቶሎ መሙላቱ ነው ያላማረኝ» አለ ኤሌክትሪሻኑ። «ስኒ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ያልቃል። ጤነኛ ባትሪ እንስራ ነው።»

ይኼን ሰምቼ ዝም ባልኩ ነበር። ግን ጋራዡ ስንመለስ ከመኪናው ወረደና ጥግ ሄዶ በስልክ በኦሮምኛ ረጅም ወሬ ያዘ። ቋንቋውን አልሰማም። ሁለቴ ወደ መኪናዋ ሲያይ አየሁት። ከዚያ መጥቶ ወንድሜን፣ «ባትሪው ተለውጦ ቢገባላት የመኪናዋን ዋጋ ሢሶ ይወስዳል፤ ያንን አስቀንሱ፣ አለዚያ ተዉት። ሲሞት ደግሞ በቤንዚን ብቻ አትሄድም፤ ሞተሯን የሚያስነሳው እሱው ነው» አለው።

እኔ ሁሉንም የገባኝ መሰለኝ። ሌላ ገዢ አለው፤ እኛን አስፈርቶ በርካሽ ሊያስገዛው ነው። ወንድሜን ወደ ጎን ስቤ ይህንኑ ነገርኩት።

«እትዬ፣ ሰውዬው እውነቱን ቢሆንስ?» አለኝ።

«የጆንያውን ታች ያየሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ሻጩ የወንበሩን ጎን ሲከፍት ወንፊቱን ማየቴን ነበር የምለው። ወንድሜ ከእኔ ጋር ተከራክሮ አያውቅም። በማግሥቱ ገዛ።

አራት ወር ሠራባት። በአምስተኛው፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከኋላ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ አላቋርጥ ብሎ መጮህ ጀመረ። ከዚያ በሸኮ አቀበት ላይ፣ አራት ተሳፋሪ ይዞ፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራና መኪናዋ ጉልበት አጣች። በሰው ተገፍታ ዳር ቆመች። በጭነት መኪና ተጎትታ ገባች።

ወደዚያው ኤሌክትሪሻን ወሰድናት፤ ሌላ የት እንሄዳለን? ባትሪውን አውጥቶ ፈታው። እነዚያ በአቀበቱ ላይ ያሳየን ሁለት ክፍሎች ነበሩ የሞቱት። «ነግሬያችሁ ነበር» አላለም። ያገለገሉ ክፍሎች አፈላልጎ ተካላቸው፣ ለእጁ ሥራም ምንም አልተቀበለም። «ይኼ ጊዜ መግዣ ነው» አለ። «እኩዮቻቸው ይከተላሉ።» ሁለት ወር ሳይሞላ ተከተሉ። አዲስ ባትሪ ለመግዛት አቅም አልነበረንም።

ባትሪውን የፈታ ቀን ሐፍረቴ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኩት። «የዚያን ዕለት በስልክ ከማን ጋር ነበር የምታወራው?»

«አዲስ አበባ መለዋወጫ የሚሸጥ የአጎቴ ልጅ አለ። ለእርስዎ የባትሪውን ዋጋ ላጣራ ብዬ ነው።» ጨርቁን አነሳና እጁን ጠረገ። «መምህር፣ ስልኩን አሳየሁዎት እኮ። እርስዎ እጄን ነበር የሚያዩት።»

አባቴ ጆንያውን እንድጠረጥር ነበር ያስተማረኝ፤ እኔ ጆንያውን ትቼ የሚመዝነውን ሰው ጠረጠርኩ። የለዘበውን ሻጭ ግን አንድ ጊዜም አልጠረጠርኩትም።

መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆመች። የቡና ለቀማ ሲደርስ ወንድሜ በማለዳ ቅርጫት ይዞ ሲወጣ አየሁትና የት እንደሚሄድ ጠየቅኩት። ነጋዴው የቀን ሠራተኛ እየፈለገ ነው አለኝ። በራሳችን ማሳ ላይ፣ አባታችን በተከላቸው ዛፎች ሥር፣ በኪሎ እየተከፈለው ሊለቅም።

«አብሬህ ልምጣ?» አልኩት።

«አይ እትዬ፣ ትምህርት ቤትሽ ይረፍድብሻል» አለኝና ቅርጫቱን ትከሻው ላይ አደረገ። የማሳው ኮንትራት ሊያልቅ ከዚህኛው ሌላ ገና አራት ለቀማ ቀርቶት ነበር።