ለዛሬ ልተውሽ

ቀናተኛ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ሰው ደርሶበት ሲስቅብኝ ስለማልወድ ነው። በዚያ ክረምት የቀናሁት ደግሞ በአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። በሰውየው ጃንጥላ፣ በጫማው ንጣት፣ አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ በማያለከልክ ትንፋሹ ሳይቀር ቀንቻለሁ።

ቢሯችን ካዛንቺስ ነው። ሰነድ እንተረጉማለን፤ የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ። እኔ እተረጉማለሁ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ታርማለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስህተቴን በቀይ እስክሪብቶ ስትከብ ኖራለች። እኔም አንዳንዴ ሆን ብዬ ፊደል እገድፍ ነበር፣ ወንበሯን ገፍታ ወደ ጠረጴዛዬ እንድትመጣ። ከሥራ ስንወጣ አብረን በእግራችን ወደ መስቀል አደባባይ እንወርድና የጎተራ ታክሲ ሰልፍ እንይዛለን። እኔ ላንቻ እወርዳለሁ፣ እሷ ኮንዶሚኒየም ድረስ ትቀጥላለች። ከቀኔ ውስጥ የኔ ብዬ የምጠብቀው ያንን መንገድ ነበር።

ከዚያ መሐንዲሱ መጣ። የሚሠራው ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽናቸው ተበላሽቶ ለአንድ ቀን የኛን ሊጠቀም ወረደ፣ ማሽናቸው ተጠግኖም መውረዱን አልተወም። ቀልዱ ያስቃል። እኔን እንኳ ያስቀኝ ነበር፣ ለዚህም አልወደውም። አንድ ቀን ዝናብ ሲዘንብ አብሮን ወጣ። ጃንጥላው የሚበቃው ለሁለት ሰው ነው። እኔ ፌስታል ራሴ ላይ አድርጌ ከኋላ ከኋላቸው ስከተል፣ እሷ ስንት ጊዜ እንደሳቀች ቆጠርኩ። ሰባት ጊዜ ሳቀች።

ልነግራት የወሰንኩት የዚያን ዕለት ነው። ስለተዘጋጀሁ አይደለም፣ ስለቀናሁ ነው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ከቢሯችን ጀርባ ያለ ጁስ ቤት ወሰድኳት። እሷ አቮካዶ አዘዘች፣ እኔ ምን እንዳዘዝኩ አላስታውስም።

«ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ» አልኩ። «ወድጄሻለሁ። ማለቴ… እንደ ጓደኛ ብቻ አይደለም።»

ማንኪያዋን ብርጭቆው ውስጥ አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ንቀት አልነበረም።

«በጣም ነው የማከብርህ» አለችኝ። «ጓደኝነትህንም እፈልገዋለሁ። ግን እኔ እንደዛ አላስብህም። እውነቱን ብነግርህ ይሻላል ብዬ ነው። ይቅርታ።»

ከዚህ የበለጠ ግልጽ አማርኛ የለም። ሰነድ ቢሆን ኖሮ በአንድ ንባብ እጨርሰው ነበር። እኔ ግን ያደግኩት እንግዳ «በቃኝ» ሲል ማንም በማይሰማበት ቤት ነው። እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች «በሞቴ!» ትላለች። እንግዳው አንዴ እምቢ ካለ ተግደርድሮ ነው፣ ሁለቴ እምቢ ካለ አፍሮ ነው፣ በሦስተኛው ሳህኑ ሞልቶ ይገኛል። እኛ ቤት «አይ» የሚለውን ቃል እንደ መልስ የቆጠረው ሰው አልነበረም፤ እምቢታ በጨዋ ልጅ ደንብ ወግ ማድረስ ነው። እሷም የጨዋ ልጅ ናት። ታዲያ ወዲያው እሺ ልትለኝ ኖሯል? ተግደርድራ ነው አልኩ በልቤ።

እናም ፈገግ ብዬ «እሺ፣ ለዛሬ ልተውሽ» አልኳት።

«ለዛሬ?» አለች።

«በቃ አትጨነቂ፣ እኔ አልቸኩልም።»

ትዕግሥተኛ የሆንኩ መስሎኝ ራሴን አደነቅኩ። እሷ ጁሷን ከግማሽ በላይ ትታ ተነሣች። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ደግሞ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ «ቀድመህ ሂድ፣ የምጨርሰው አለኝ» አለችኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ቀድሜ አልሄድኩም። ማዶ ካለው ሱቅ ካርድ የምገዛ መስዬ ቆምኩና በሩን ጠበቅኩ። ከመሐንዲሱ ጋር ስትወጣ ልይዛት ነበር ሐሳቤ፤ ይዤ ምን እንደማደርግ እንጃ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ብቻዋን ወጣች፣ ግራና ቀኝ አይታ በሌላኛው መንገድ ሄደች። አብሯት ስላልነበረ ደስ አለኝ። አሥሩን ደቂቃ የቆየችው እኔን ለመሸሽ መሆኑ ያን ሰዓት ጭራሽ አልታየኝም።

ላንቻ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው የምኖረው። ቤት እንደገባሁ ሶፋው ላይ ተቀምጬ መልእክት መጻፍ ጀመርኩ። ሦስቴ ከሰረዝኩ በኋላ የወጣልኝ ይህ ነበር፦ «በሞቴ አንድ ጊዜ አስቢበት። ቸኩለሽ የመለስሽልኝ ይመስለኛል። እኔን ያህል የሚረዳሽ ሰው አታገኚም። ያ ሰውዬ ነው አይደል?» ከመላኬ በፊት የሴት አስተያየት ይጨመርበት ብዬ ስልኩን ለእህቴ ሰጠኋት። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር እኮ።

እህቴ ሽንኩርት የላጠችበትን እጇን ጠርጋ አነበበችና ስልኩን አልመለሰችልኝም።

«ምን ብላህ ነው?» አለችኝ። ቃል በቃል ነገርኳት፣ የኔንም መልስ ጨምሬ።

«ለዛሬ ልተውሽ አልካት? አንተ ልጅ፣ ምግብ ናት እንዴ?»

«ሴት ልጅ እኮ መጀመሪያ…»

«ዝም በል። አይ ብላሃለች። አስቢበት ስትላት ነገ ቢሮ የምትገባው ሌላ መልስ የማዘጋጀት ሸክም ይዛ ነው፤ ከነገ ወዲያም እንደዛው። ቸኩለሽ ነው ስትላት ልብሽን አታውቂውም ማለትህ ነው። እኔን ያህል አታገኚም ደሞ እርግማን ነው። ሰውዬውን በተመለከተ፣ ቢሆንስ? አንተ ማን ነህና ነው የምትጠይቃት?»

ተናደድኩ። ወንድ ልጅ ትንሽ ካልጣረ እንዴት ይሆናል፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ አልኳት። እሷም ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«የድሮ መሥሪያ ቤቴን ለምን የለቀቅኩ ይመስልሃል?»

«መንገዱ ራቀኝ ብለሽ ነዋ።»

«ለእናንተ ያልኩት ነው። አንድ ሰው አይ ብዬው አይ አልሰማ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። በየምሳው በሞቴ፣ በየደረጃው አሰብሽበት ወይ። ሰውም እየሳቀ አንጀትሽ ይራራ ይለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ምሳዬን መዝገብ ቤት ውስጥ ቆልፌ ነበር የምበላው፤ ቀስ ብዬ፣ ማንኪያው እንዳይሰማ። ያ ሰውዬ ዛሬም ድረስ ትዕግሥተኛ የነበረ ነው የሚመስለው።»

ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። የጻፍኩትን ሁሉ ሰረዝኩ። ከሁሉ በላይ የቆረቆረኝ ትታው የተነሣችው ጁስ ነበር። በመጨረሻ ይህን ጻፍኩ፦

«ዛሬ በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ለዛሬ ልተውሽ ያልኩት ጥፋት ነው፣ ይቅርታ። መልስሽ ገብቶኛል፣ ዳግመኛ አላነሳውም። ይቅርታ ማለት አልነበረብሽም፣ ምንም አላጠፋሽም። ጥቂት ቀን ዝም ብል ተቀይሜሽ አይደለም፣ እስኪለቀኝ ነው። ሥራው ላይ እንደ ድሮው ነን።»

እህቴ አነበበችው። መጨረሻው ላይ «ሁሌም እጠብቅሻለሁ» የሚል ጨምሬ ነበር፣ እሱን አስጠፋችኝ። «ይሄ ያው ለዛሬ ልተውሽ ነው፣ ሱፍ ለብሶ መጣ እንጂ» አለች። አጥፍቼ ላክሁ።

መልሱ ቶሎ መጣ። «አመሰግናለሁ። ነገ ቢሮ መምጣት ፈርቼ ነበር።»

እኔን! ዝንብ የማልገድለውን ሰውዬ ፈርታ ኖሯል። አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳወራው ጻድቅ እንዳልመስል እፈራለሁ፣ ምክንያቱም ውስጤ ይጨስ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ሰዓቴን አስተካክዬ ቀድሜያት እወጣ ነበር፣ መንገዱ እስኪቀለኝ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ» እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ከመጣልኝ እተወዋለሁ። አንድ ቀን እንዲከፋት «እርስዎ» ብዬ ልጠራት ሁሉ አስቤ ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። የቢሮ ሰዎች «ምነው ተጣላችሁ?» ሲሉኝ «ኧረ አልተጣላንም» አልኩ። ስለነገርኳትም ስለመለሰችልኝም ለማንም አልተነፈስኩም። ሆን ብዬ ፊደል መግደፉንም አቆምኩ። ቴሌግራም ላይ ግን እሷና መሐንዲሱ እኩል ኦንላይን መሆናቸውን እያየሁ አመሽ ነበር። ይህንን ማንም አያይም ብዬ ለራሴ ፈቀድኩ፤ ኋላ ላይ እህቴ አየችኝና ቁጥሩን አጠፋሁ። የሱን ቁጥር ማለቴ ነው።

ቀስ እያለ መንገዱ ተመለሰ። አንድ ቀን ራሷ «ዛሬ አብረን እንውረድ?» አለችኝ። ስለ ሥራ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ስለፈረሱት ቤቶች እያወራን ወረድን። ያንን ጉዳይ አላነሳሁም። በሌላው ቀንም አላነሳሁም። ስትስቅም መቁጠሬን ተውኩ፣ ወይም የተውኩ መሰለኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ዚፑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«አንድ ነገር ልንገርህ? ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው።»

አወቅኩት። ገና አፏን ሳትከፍት አወቅኩት።

«ከሱ ጋር… ማለቴ፣ ጀምረናል። ገና ሳምንታችን ነው። ለማንም አልተናገርንም፣ መጀመሪያ ለአንተ ልንገር ብዬ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አልነግረውም ነበር።»

ቅናቴ ተመለሰ። ጃንጥላው፣ ሰባቱ ሳቅ፣ የነጣው ጫማ፣ ሁሉም ባንዴ መጣ። አውቄው ነበር ልላት ፈለግኩ። ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም ልላትም ፈለግኩ። ግን ያን ቀን የጠየቅኳት ስለኔ ነበር፣ እሷም ስለኔ መልሳልኛለች።

«ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አልኳት። «ደህና ሰው ነው። ደስ ይበላችሁ።»

ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር፣ ያቃጠለኝም እሱ ነው። ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁት፤ የኔን መልስ ፈርታ ነበር እስካሁን የተሸከመችው። እጄን ያዝ አድርጋ «አንተ እኮ…» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አቅርባኝ አታውቅም፣ የቀረበችኝም ስለተውኳት ነበር።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

«ላንቻ ገና አልደረስንም እኮ» አለች።

«የምገዛው ነገር አለኝ።»

ወርጄ በመስኮቱ እጄን አወዛወዝኩላት፣ እሷም አወዛወዘች። ታክሲው እስኪርቅ ፈገግ ብዬ ቆምኩ። የምገዛው ነገር አልነበረም።