የጋሼ መርፌ ሦስት ብርጭቆዎች

ጋሼ መርፌ ጠንቋይ ሆኑ ተብሎ ተወራ። ወሬው የተነሣው ከሱቃቸው ፊት ለፊት ካለው ጸጉር ቤት ነው፤ እዚያ ቤት ጸጉር የሚቆረጠው ወሬው እስኪያልቅ እጅ ሥራ እንዳይፈታ ያህል ነው። «ሰውዬው ሦስት ብርጭቆ ደርድረው፣ ሠራተኛዋን በዓይናቸው እየተከተሉ፣ አንዴ ነጭ አንዴ ጥቁር አዝራር ይጥላሉ። ከንፈራቸውም ይንቀሳቀሳል» አለ ጸጉር ቆራጩ። ወሬው ከወንበሩ ተነሥቶ ሲወጣ ብርጭቆዎቹ ሰባት ሆነዋል፤ የመንገዱ ጥግ ሲደርስ ደግሞ ጭስ ይወጣቸው ጀመር።

እውነቱ እንዲህ አያዝናናም። ጋሼ መርፌ ጠንቋይ ሳይሆኑ አሠሪ ናቸው። ሠራተኛቸውን እየገመገሙ ነበር።

ሱቁ የስፌት ዕቃ ይሸጣል፦ ክር፣ ዚፕ፣ ገበር፣ አዝራር፣ መርፌ። ቅጽል ስማቸው ከመርፌው ነው የመጣው ይላሉ፤ ምላሳቸውን የቀመሱ ግን ሌላ ምንጭ ይጠቅሳሉ። ከአባታቸው ከተረከቡት ጀምሮ በሩን የከፈተው የእሳቸው እጅ ብቻ ነበር። አሁን ጉልበታቸው አስቸገረና ሐኪሙ «ጠዋት ጠዋት አይቁሙ» አላቸው። እንግዲህ የሱቁ ቁልፍ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው፤ ከቁልፉ ጋር ኃላፊነቱና የደመወዝ ጭማሪው።

ለዓመታት ከጎናቸው የቆመችው ሠራተኛ አለች። ሰፈሩ ሁሉ «እህትዓለም» እያለ ስለሚጠራት እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ የለም። ባለቤታቸው ግን ሌላ ዕጩ አላቸው። «ወንድሜ እያለ ቁልፍ ለባዳ?» ይላሉ። ወንድምየው ሱቁ ውስጥ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያለፈ ያገደመውን ስለሚመክር «አማካሪው» ተብሏል። ከምክሩ ተጠቅሞ ያለፈለት ሰው እስካሁን አልተገኘም፤ ራሱን ጨምሮ።

ጋሼ መርፌ ፍትሕ ይወዳሉ፤ በተለይ የማያስወጣ ከሆነ። «መጀመሪያ አንድ ወር እንመዝናታለን» አሉ። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ለዚህ ሥራ ክፍል፣ ኃላፊ፣ ማኅተም አላቸው። እሳቸው ከቤት ሦስት የሻይ ብርጭቆ አምጥተው፣ ራሳቸውም ውስጡን ከማያዩበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ደረደሯቸው። አንደኛው ሰዓት ማክበር፣ ሁለተኛው ደንበኛ አያያዝ፣ ሦስተኛው ዕቃ አያያዝ። መልካም ሲያዩ ነጭ አዝራር፣ ክፉ ሲያዩ ጥቁር። እስከዚህ ድረስ ማንም ሚኒስትር የማያፍርበት አሠራር ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ለተመዛኟ አልነገሯትም።

«ከነገርኳትማ ታስመስላለች» አሉ ለባለቤታቸው።

ወሩ አለቀ። ቤተሰቡ ሱቁ ውስጥ ተሰበሰበ፣ እህትዓለም ገበር ልታመጣ መጋዘን ተላከች። ጋሼ መርፌ ብርጭቆዎቹን እንደ ዳኛ ጎተቱ። ባዶ! ሦስቱም ተወልውለው ያበራሉ።

«ምንም ጥፋት የለባትም ማለት ነው?» አሉ ባለቤታቸው ቅር እያላቸው።

«ምንም ልማትም የላትም» አለ አማካሪው ፈጥኖ።

አዝራር ሲጠፋ በትዝታ ሊመዝኑ ተነሡ። የትዝታ ነገር ደግሞ ይታወቃል፤ የዓመቱን ዋጥ ያደርግና የትናንቱን ያመነዥካል። ሦስቱም ያስታወሱት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ትናንት አንዲት ሴት ዚፕ ልትገዛ መጥታ እህትዓለም «አልሸጥልሽም» ብላ መለሰቻት።

«ደንበኛ በእግሩ መጥቶ!» አሉ ባለቤታቸው።

«እኔ ብሆን ሁለት ነበር የምሸጥላት» አለ አማካሪው ከበርጩማው።

ቁልፉ ወደ በርጩማው ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ይህን ጊዜ እህትዓለም ገበሯን ተሸክማ ገባች።

«አንቺ፣» አሉ ጋሼ መርፌ፣ «እዚህ ብርጭቆ ውስጥ የነበረ አዝራር የት ገባ?»

«ወደየመሳቢያው መለስኩት እንጂ። ማታ ማታ አዝራር በትነው ይሄዳሉ፣ ጋሼ። ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር እየለየሁ ወገቤ ተቆረጠ። ዕድሜዎ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ማስረጃ አጥፍታለች!» ብሎ አማካሪው ተነሣ። በርጩማው ራሱ ደነገጠ።

«የምን ማስረጃ?» አለች።

ጋሼ መርፌ ሳይወዱ በግድ ነገሯት፤ ስለ ቁልፉም፣ ስለ ሦስቱ መመዘኛዎችም፣ ስለ ዚፗም። ፊቷ ጠቆረ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሠርቼ ቁልፉ በአንድ ዚፕ ሊሄድ ነው? ሴትዮዋ ለከባድ የጉዞ ሻንጣ የቀሚስ ዚፕ ነው ያነሣችው። ብሸጥላት በማግሥቱ ይበጠሳል፣ ስድቡ የሚመጣው ለእርስዎ ነው። ሻንጣውን ይዘሽ ነዪ፣ በልኩ ወፍራሙን እሰጥሻለሁ ብዬ ነው የመለስኳት።»

ጋሼ መርፌ በእሳቸው ዘንድ እምብዛም ያልታየ ነገር አደረጉ፤ ተሳስቻለሁ ሳይሉ ስሕተታቸውን አረሙ። «ወሩ እንደገና ይጀመራል። አሁን መመዘኛውን ታውቂያለሽ። አዝራር በጣልኩ ቁጥር ምክንያቱን እዚያው እነግርሻለሁ፣ ካልመሰለሽ ትከራከሪያለሽ። ብርጭቆዎቹን አትንኪ። አንተም» አሉ ወደ አማካሪው ዞረው፣ «በሌላ ሦስት ብርጭቆ ትመዘናለህ።»

«እኔ? እኔ እኮ ቤተሰብ ነኝ።»

«ለዚህ ነው ብርጭቆውን በነፃ የምሰጥህ።»

አማካሪው በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ገባ። «ሰዓት ማክበር የአስተሳሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ አስረዳ። ጥቁሯ አዝራር ብርጭቆው ውስጥ ቀጭ አለች። በሁለተኛው ቀን አንድ ልብስ ሰፊ ጥቁር ክር ቢጠይቀው ሰማያዊ ሰጥቶ «ማታ ማታ አይለይም» አለው። ቀጭ። በሦስተኛው ቀን ወገቡን አመመው፤ ሕመሙም የሱቁን በር ሲያይ ብቻ የሚነሣ ሆነ።

እህትዓለምም መልአክ አልነበረችም። በሰዓቱ ብርጭቆ ነጩ ሞላ፣ በዕቃውም እንዲሁ። በደንበኛው ብርጭቆ ግን ጥቁር ተቀላቀለበት። በወሩ መጨረሻ ተቀመጡና ጋሼ መርፌ አስቀድመው «ራስሽን ስትመዝኚ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«በሰዓትና በዕቃ አልታማም። ዋጋ የሚከራከረኝ ሰው ሲመጣ ግን ፊቴ ይቋጠራል። አውቀዋለሁ።»

«ፊትሽ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ያቺን መነጽር ያደረገች ሴትዮ ‹ዋጋው ከበዛብሽ መነጽርሽን አውልቀሽ እዪው› አልሻት።»

«እሺ፣ ያቺ ጥቁር ትገባኛለች። ግን ጋሼ፣ ለአንዱ ቀንሰው ለሌላው ስለሚጨምሩ እኮ ነው ሁሉም እኔን የሚነዘንዘኝ። ዋጋው በየመሳቢያው ላይ ይለጠፍ።»

ተስማሙ። ዋጋው ይለጠፋል፣ እሷም ምላሷን ትይዛለች፤ ከሦስት ወር በኋላ ይህቺኑ ነገር ብቻ እንደገና ያያሉ። ጭማሪው ተፈቀደ፣ ቁልፉም እጇ ገባ። ባለቤታቸው ሁለት ቀን አኮረፉ፤ ወንድማቸው ወገቡ ወዲያው ስለተሻለው ግን ብዙ ማኩረፍ አልሆነላቸውም።

በማግሥቱ ጋሼ መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ቤት ዋሉ። ኮታቸውን ለብሰው ሳሎን ተቀመጡ። ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ አደረጉ፣ አነሡት፣ ድምፁ ክፍት መሆኑን አዩ፣ መልሰው አስቀመጡት። ባለቤታቸው ልብስ ያጥፋሉ፤ አማካሪው ቁርሱን ይበላል። ረፋዱ ሆነ። ማንም አልደወለም፤ ዕቃ ጠፋ ያለ የለም፣ ደንበኛ ተጣላ ያለ የለም።

«ታዲያ» አሉ ጋሼ መርፌ ስልኩን እያዩ፣ «ይሄ ሱቅ ያለ እኔም ይከፈት ነበር ማለት ነው?»

ባለቤታቸው አንዱን ሸሚዝ ዘርግተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። አማካሪውም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር አልመጣለትም።